«ፈቅጄልሻለሁ፣ ግን…» እንዴት ይጻፋል?

«የአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ አራት ወሬ ነው። ገንዘብ ያዣችን ለእናቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና ከሰኔ 22 ቀን 2018 ጀምሮ 10 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ጠይቃለች። ሰኔ 30 ደግሞ ዓመት እንዘጋለን። ልከለክላት አልፈልግም። ምን ብዬ ልጻፍላት?»

ከመጻፍህ በፊት አናግራት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) የዓመት ፈቃድ ለሁለት ተከፍሎ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ግን ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ነው። ስለዚህ መክፈሉን በደብዳቤ ልትጭንባት አትችልም። ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ፣ አምስቱን ቀን አሁን፣ አምስቱን ከመዝጊያው በኋላ ብትወስድ ይመቻት እንደሆነ ጠይቃት። ከተስማማች ማመልከቻዋን አስተካክላ ታስገባ።

ደብዳቤው ላይ «ሥራው በማይበደልበት ሁኔታ ተፈቅዷል» እንዳትል። ለእኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ተጽፎልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ተደውሎ «ሥራው ተበድሏል» ተባልኩ። ምን እንደጎደለ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቅድመ ሁኔታ ሲባል ሠራተኛዋ መፈጸም አለመፈጸሟን ራሷ አይታ የምታውቀው ነገር መሆን አለበት። ቅዳሜ የማትሠሩ ከሆነ እንዲህ ብትጽፈውስ፦

«የጠየቁት የ10 ቀን የዓመት ፈቃድ ተፈቅዷል። በተስማማነው መሠረት የመጀመሪያው ከሰኔ 22 እስከ 26፣ ሁለተኛው ከሐምሌ 6 እስከ 10 ነው። ሰኔ 29 እና ሐምሌ 13 ጠዋት ሥራ ላይ ይገኛሉ። አርብ ሰኔ 19 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በካዝና ያለው ገንዘብ እኔ ባለሁበት ይቆጠርና ቁልፉንና ያልተጀመሩትን የደረሰኝ ጥራዞች ለተወካይዎ በፊርማ ያስረክባሉ። ሐምሌ 3 ቀንም እንዲሁ። ከርክክቡ በኋላ ለሚጎድል ገንዘብ ተጠያቂው ተወካይዎ ነው። እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልን።»

«ተጠያቂው ተወካይዎ ነው» የምትለዋን አትዝለላት። ገንዘብ ያዥ ፈቃድ ላይ ሆና እንቅልፍ የሚነሳት ካዝናው ነው። የመጨረሻዋንም «ለቢሮ ደብዳቤ አይሆንም» የሚል አይጠፋም። እኔ ትሁን ባይ ነኝ።

«ስልክዎን እንዳያጠፉ» ግን አትጻፍ። በፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ሊጠራ የሚችለው አስቀድሞ ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም ብቻ ነው። ሰኔ 30 እንደሚመጣ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መክፈሉን ካልፈለገችስ? ሰኔ 19 አስረክባ ትሂድ፣ የሰኔ 30ውን ቆጠራ ተወካይዋ ይፈርም። አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል።

ደብዳቤውን ለሰው ኃይል በግልባጭ ላክና ለእሷ በእጇ ስጣት። አንብባ ስትጨርስ «አርብ ምን ምን ታስረክቢያለሽ?» በላት። ከተንተባተበች የሚስተካከለው ደብዳቤው ነው።