«ገብቼ ላጽዳልሽ» ላለሽ ሰው

«ሰላም ቤተሰብ። ላፕቶፔ ላይ ድንገት ቀይ ጽሑፍ ወጥቶ ‹ኮምፒውተርሽ በቫይረስ ተይዟል፣ እንዳታጠፊው፣ በዚህ ቁጥር ደውዪ› ይላል። ጩኸቱም አልቆም አለ። ደወልኩ። ሰውየው ‹አንድ ፕሮግራም አውርጂ፣ ገብቼ ላጽዳልሽ› እያለኝ ነው። ልፍቀድለት?»

እህቴ፣ አትፍቀጂለት። መጀመሪያ ስልኩን ዝጊበት። ይሉኝታ አያስፈልግም።

የሚጮኸው ነገር ቫይረስ አይደለም፣ አንድ ድረ ገጽ ነው። ስክሪኑን ይሞላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ፋይሎችሽን ግን ገብቶ ማየት አይችልም። የማይክሮሶፍት ምልክት ቢለጠፍበትም አትደንግጪ፤ እውነተኛው የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይጽፍም። `Esc` የሚለውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ቆዪ። ስክሪኑ ሲለቅ ገጹን ትዘጊዋለሽ። እምቢ ካለ `Ctrl+Shift+Esc` አንድ ላይ ተጫኚ፣ ብራውዘርሽን ምረጪና `End task` የሚለውን ንኪ። መልሰሽ ስትከፍቺው የቀድሞውን ገጽ ልመልስ ብሎ `Restore` ካለሽ እንዳትነኪው፣ ያው ጩኸት ተመልሶ ይመጣል።

እኔ ይህን ጉድ ያወቅኩት በአክስቴ ነው። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። መዝሙር ስትፈልግ ያው ቀይ ገጽ መጣባት፣ ደወለች። ሰውየው ትሑት ነበር አለችኝ። ያስወረዳት ፕሮግራም የተደበቀ ነገር አይደለም፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከርቀት ሆነው የሰው ማሽን የሚጠግኑበት እውነተኛ መሣሪያ ነው። ጸረ ቫይረሷ ዝም ያለውም ለዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር አነበበችለት፣ «ፍቀድ» የሚለውን ነካች። ከዚያ በኋላ ማውሱ የእሱ ሆነ።

ገብቶ `Event Viewer` የሚባለውን ከፈተና የቀይና የቢጫ ምልክት መዓት አሳያት። «ይኸው፣ ሁሉም ቫይረስ ነው» አላት። ያ ግን ዊንዶውስ የውሎውን የሚመዘግብበት ቦታ ነው፤ ጤነኛ ኮምፒውተርም ላይ ስህተትና ማስጠንቀቂያ ሞልቶታል። የእኔንም ብትከፍቺው ያስፈራል። አክስቴ ይህን በምን ታውቀዋለች? 400 ዶላር በካርድ ከፈለች።

በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። በአስረኛው ቀን ደወሉላት። «ድርጅታችን ሊዘጋ ስለሆነ 400 ዶላርሽን እንመልስ፣ የባንክ ገጽሽን ክፈቺ።» ፓስዋርዷን ራሷ አስገባች። ባንኩ በስልኳ የላከውን ኮድም ራሷ አስገባች። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ። ሲመለስ ቼኪንግ አካውንቷ ላይ 4,000 ዶላር ተጨምሯል። ሰውየው ማልቀስ ጀመረ። «አንድ ዜሮ በስህተት ጨመርኩ፣ ከሥራ መባረሬ ነው፣ ልጆች አሉኝ፣ 3,600ውን በጊፍት ካርድ መልሺልኝ።»

አንጀቷ ተላወሰ። የሰው ገንዘብ በላሁ ብላ ወደ ሱቅ ሮጠች። ካሸሯ ይህን ሁሉ ካርድ ለምንድን ነው ብላ ባትጠይቃት፣ እሷም ደንግጣ ለእኔ ባትደውል፣ ካርዱን ፍቃ ቁጥሩን በስልክ ልታነብለት ነበር። ያ ቁጥር አንዴ ከተነበበ ገንዘቡን መመለስ ከባድ ነው።

አካውንቷን አብረን ስናይ 4,000ው የራሷ ሆኖ ተገኘ። ስክሪኑ በጠቆረበት ጊዜ ከሴቪንጓ አንስቶ ወደ ቼኪንጓ አዛውሮታል። ከእነሱ አምስት ሳንቲም አልመጣም። ባንኩ ለምን አላስቆመውም ብዬ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ባንኩ ያየው የራሷን ኮምፒውተር፣ የራሷን ፓስዋርድና የራሷን ኮድ ነው። ገንዘቡም ከራሷ ወደ ራሷ ነው የሄደው። ምን ይጠርጥር? አንዴ ካስገባሽው ሰውየው ፓስዋርድሽን መስረቅ አያስፈልገውም፣ በሩን አንቺው ከፍተሽለት ከጎንሽ ይቀመጣል። በስልክ የሚመጣው ኮድም እዚህ ላይ አያድንም።

አስገብተሽው ከሆነ ቶሎ ኢንተርኔቱን ንቀዪው፣ ዋይፋዩን አጥፊ። የወረደውን ፕሮግራም መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አንቺን ሳይጠይቅ እንዲያስገባው አድርጎ ትቶት ሊሆን ይችላል። የአክስቴ እንደዚያ ነበር። ከዚያ በሌላ ስልክ፣ ካርድሽ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ለባንክሽ ደውዪ። ፓስዋርዶችሽንም ከዚያው ከሌላው ስልክ ቀይሪ። ከኢሜይሉ ጀምሪ፣ የሌሎቹ ሁሉ መቀየሪያ እሱ ጋ ነው የሚመጣው። ላፕቶፑን ፎቶና ሰነዶችሽን ብቻ አስቀርተሽ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭኚው። እኔ የአክስቴን እንደዚያ አደረግኩ፣ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሜሪካ ከሆንሽ `reportfraud.ftc.gov` ላይ አመልክቺ። 400 ዶላሯን የከፈለችው በክሬዲት ካርድ ስለነበር ተከራክረን አስመልሰናል።

ከወር በኋላ ደግሞ «የተሰረቀ ገንዘብሽን እናስመልስልሽ» የሚል ሌላ ሰው ደወለላት። ያው ናቸው፣ ቁጥሯ ዝርዝራቸው ውስጥ ገብቷል። አንቺንም ስለደወልሽላቸው ሰሞኑን በማታውቂው ቁጥር መልሰው ሊደውሉልሽ ይችላሉ፣ አታንሺ።

ፕሮግራሙን አውርደሻል ወይስ ገና ነሽ? ስክሪኑ ላይ የወጣ ቁጥር አንብበሽለት ከሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ኦንላይን ነኝ።