«ብቁ» አስተያየት ወይስ «በስተቀር» ያለበት?

ጥያቄ፦ «የኦዲተሩን ‹ኳሊፋይድ ኦፒኒየን› ለቦርዱ ‹ብቁ አስተያየት› ብዬ ተረጎምኩት። አባላቱ ደስ አላቸው፤ ኦዲተሩ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ትክክለኛው ቃል የቱ ነው?»

መልስ፦ ኦዲተሩ እውነት አለው። ቦርዱ ደስ ያለው በነቀፌታ ነው።

የ«ኳሊፋይ» ሥር የላቲኑ «ኳሊስ» ነው፤ «ምን ዓይነት» ማለት። ከዚያ ሁለት ፍቺ ወጣ። አንዱ ለሥራ ብቁ መሆን ነው። ሌላው የተናገሩትን መገደብ፣ «ይህን ሳይጨምር» ማለት ነው። ኦዲተሮች የያዙት ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ መልካሙ ዜና «አንኳሊፋይድ» ነው።

«ቅድመ ሁኔታ ያለበት» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ቅድመ ሁኔታ ገና የሚሟላ ነገር አለው፤ ኦዲተሩ ግን ጨርሶ ፈርሟል። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 705ም «ከላይ ያለው ማብራሪያ እንደተጠበቀ ሆኖ» ዓይነት ሐረግ ግልጽነትም ጉልበትም ይጎድለዋል ብሎ አይቀበለውም። የሚፈልገው «በስተቀር»ን ነው። ቃሉ ከ«ቀረ» የመጣ ነው፤ «በስተቀኝ»፣ «በስተጀርባ» እንደምንለው፣ ወደ ቀረው ወገን ያመለክታል። እኔ «በስተቀር ያለበት አስተያየት» ብል ደስ ይለኛል። ነቀፌታ ለሰው ጠባይ እንጂ ለሂሳብ አይመቸኝም። ግን «ነቀፌታ የሌለበት» እና «ነቀፌታ ያለበት» ሥር ሰደዋል፤ እሺ፣ ይሁን።

የማልለቀው የአንቀጹን አሰካክ ነው። አንድ ድርጅት 40 ሚሊዮን ብሎ የመዘገበው ዕቃ ዋጋው ወርዶ ከ34 ሚሊዮን በላይ አያወጣም እንበል። አመራሩ መዝገቡን አላስተካከለም። ንብረቱም ከግብር በፊት ያለው ትርፍም በ6 ሚሊዮን ተጋኗል። አስተያየቱ እንዲህ ይተረጎማል፦

«በእኛ አስተያየት፣ ለነቀፌታው መሠረት በሚለው ክፍል የተገለጸው ጉዳይ ካስከተለው ተጽዕኖ በስተቀር፣ የሂሳብ መግለጫዎቹ የድርጅቱን የፋይናንስ አቋም በሁሉም ዐበይት ጉዳዮች በትክክል ያሳያሉ።»

«በስተቀር» ከ«ያሳያሉ» በፊት ነው። ብዙ ተርጓሚ «በትክክል ያሳያሉ። ሆኖም ጥቂት ችግሮች አሉ» ብሎ ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ንጹሕ አስተያየት ከትንሽ ማሳሰቢያ ጋር ይመስላል።

አሁን ነገሩን እንለውጠው። ኦዲተሩ የተሾመው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ የዕቃ ቆጠራው ላይ አልነበረም፤ በሌላ መንገድም ማረጋገጥ አልቻለም። ያኔ «ካስከተለው» አይባልም፤ «ሊያስከትል ከሚችለው» ይባላል። ልዩነቱ ለቦርዱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው «ስህተቱን አውቀዋለሁ፣ ይኸው መጠኑ» ይላል፤ ቦርዱ አመራሩን ለምን አላስተካከልክም ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው «ስህተት ይኑር አይኑር አላወቅሁም» ይላል፤ ቦርዱ ማስረጃው ለምን ጠፋ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሁለቱም ግን ችግሩ በአንድ ቦታ የታጠረ ሲሆን ነው። መላ ሂሳቡን ካዳረሰ «በስተቀር» አይበቃም። ስህተቱ ከታወቀ መግለጫዎቹ በትክክል አያሳዩም ይባላል፤ ማስረጃ ከጠፋ ደግሞ ኦዲተሩ አስተያየት መስጠት አልቻልኩም ይላል። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየትም ድርጅቱ አትራፊ ነው ማለት አይደለም። ኪሳራውን በትክክል የመዘገበ ድርጅትም ያገኘዋል።