«ፍሪኩዌንሲው 2 ነው» ሲሉህ፣ የምኑ 2 እንደሆነ ጠይቅ

ጥያቄ፦ «የወጥ ቤት ካቢኔት እንሠራለን። አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚታይ የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ ከአራት ወር በላይ እያስኬድን ነው። መጀመሪያ ብዙ ሰው ይጽፍልን ነበር፤ አሁን ቀዝቅዟል። የሚያሠራልን ልጅ ‹ፍሪኩዌንሲው 2.3 ነው፣ ሰው ገና አልሰለቸውም፣ በጀት ጨምሩ› ይላል። ልጨምር?»

ወንድሜ፣ እንዳትጨምር። እኛ ሶፋ ነው የምንሠራው። ያንተው ነገር እኛም ላይ ደርሷል። የእኛ ወኪል ደግሞ «2.1 ነው» ነበር የሚለን። በየሳምንቱ በሚያምር ፒዲኤፍ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፤ ችግሩ የተወሰደበት ቦታ ነው። ስለዚህ በተራ ላስቀምጥልህ።

1. መጀመሪያ ያ 2.3 ከየትኛው ረድፍ እንደመጣ ጠይቀው። ፍሪኩዌንሲ ማለት አንድ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየህ ነው፤ ኢምፕሬሽን፣ ማለትም ማስታወቂያው የታየበት ብዛት፣ ለሪች፣ ማለትም ላዩት ሰዎች ብዛት፣ ሲካፈል ይገኛል። ሪች አንድን ሰው በአንድ ረድፍ ውስጥ አንዴ ብቻ ይቆጥራል። አንድ ሰው አምስት ማስታወቂያህን ሁለት ሁለቴ ቢያይ፣ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ፊት ለፊት 2 ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው ግን አሥር ጊዜ አይቶሃል። የእኛ ወኪል የሚያሳየን የየማስታወቂያውን ነበር። አምስቱም 2 አካባቢ ናቸው፤ ሰላም ነው። አድስ ማናጀር ላይ Campaigns የሚለውን ገጽ ስንከፍት ግን 4.2 ሆኖ አገኘነው።

2. 4.2 ራሱ ደግሞ ይደብቃል። ከተጀመረ ጀምሮ ያለ አማካይ ነው። መጀመሪያ ላይ አንዴ አይተው ያለፉ ብዙ ሺህ ሰዎች አሁንም አካፋዩ ውስጥ አሉ። እነሱ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ዛሬ ማስታወቂያው የሚመላለስባቸው ጥቂቶች አይታዩህም። Breakdown ውስጥ ገብተህ በጊዜ፣ ከዚያ Week ብለህ ክፈለው። የእኛ ይህን ይመስል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 60 ሺህ ኢምፕሬሽን፣ 40 ሺህ ሰው፣ ፍሪኩዌንሲ 1.5። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያው 60 ሺህ ኢምፕሬሽን፣ 15 ሺህ ሰው፣ ፍሪኩዌንሲ 4። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማለት ነው! ያው ብር፣ ያው ኢምፕሬሽን፣ ግን ከግማሽ በታች የሆነ ሰው።

ለምን ይጠባል ካልክ፣ ካምፔይኑ የተሠራው መልእክት የሚጽፍ ሰው እንዲያመጣ ነው። ሲስተሙ ይጽፋሉ ብሎ የገመታቸውን ቀድሞ ይጨርሳል። ከዚያ ወደ አዲስ ሰው ከመሄድ ይልቅ እነዚያኑ ደጋግሞ ያንኳኳል።

3. ዋናው ይሄ ነው፣ ማንም አልነገረንም፣ ራሴ ኤክሴል ላይ ሳገላብጥ ነው ያገኘሁት። (እዚህ ላይ ትንሽ ብኮራ አትፍረድብኝ።) በየሳምንቱ ካገኘኸው ሰው ውስጥ ስንቱ አዲስ እንደሆነ አስላ። የየሳምንቱን ሪች ግን እንዳትደምር። አንድ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስቴ ይቆጠርብሃል። ይልቅ ቀኑን ከካምፔይኑ መነሻ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ አድርገህ ሪቹን ጻፍ። ከዚያ ከመነሻው እስካለፈው ሳምንት መጨረሻ አድርግና ቀንስ።

```
አዲስ ሰው = ሪች ከመነሻ እስከዚህ ሳምንት − ሪች ከመነሻ እስካለፈው ሳምንት
የአዲስ ሰው ድርሻ = አዲስ ሰው ÷ የዚህ ሳምንት ሪች
```

በእኛ ሁለተኛ ሳምንት ከመነሻ ያለው ሪች ከ38 ሺህ ወደ 66 ሺህ አደገ። 28 ሺህ አዲስ ሰው፤ ከሳምንቱ 40 ሺህ ውስጥ 70 በመቶ። በአሥራ ሁለተኛው ከ168 ሺህ ወደ 169,500 ብቻ። 1,500 ሰው፤ ከ15 ሺህ ውስጥ 10 በመቶ። ማለትም ከአሥር ሰው ዘጠኙ ሶፋችንን ከዚህ በፊት አይቶታል። ወኪሉ «በጀት ጨምሩ» ያለን በዚሁ ሳምንት ነው። ብንጨምር ኖሮ የምንገዛው አራተኛውን ሳይሆን ስድስተኛውን እይታ ነበር።

4. እንዲህም ሆኖ ሥራ የቀዘቀዘው በመሰልቸት ነው ብለህ አትቸኩል። ሲፒኤምን፣ ማለትም የሺህ እይታ ዋጋን፣ ከሲቲአር፣ ማለትም ከእይታው ስንት በመቶው ክሊክ እንደሆነ ከሚያሳየው ቁጥር፣ ጎን ለጎን አስቀምጥ። ሲፒኤም ሽቅብ ወጥቶ ሲቲአር ባለበት ከቆመ፣ ሰው አልሰለቸውም። የማስታወቂያ ቦታው ጨረታ ነው የተወደደው፤ ለበዓል ሰሞን ሁሉም ሲያስተዋውቅ እንደሚሆነው። የእኛ ግን ሲፒኤሙ እምብዛም አልተነቃነቀም። ሲቲአሩ ከ1.8 በመቶ ወደ 0.7 ወረደ። የአንድ ክሊክ ዋጋ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሪቹ እየጠበበ፣ አዲስ ሰው እየጠፋ፣ ሲቲአር አብሮ ሲወርድ፣ ያኔ ተሰልችቷል በል። የአዲስ ሰው ድርሻህ ገና 60 በመቶ ሆኖ መልእክት ከቀነሰ ግን ችግሩን ማስታወቂያው ላይ አትፈልግ። ያላየህን ሰው ልታሰለቸው አትችልም። ዋጋህን እይ፤ ወይ መልስ የሚሰጠው ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚያቆያቸው እይ።

ስንት ሲሆን ነው መጥፎ የሚለውን አትጠይቀኝ፤ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። ቀድሞ ገጽህን ለጎበኙ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሄድ ማስታወቂያ በሳምንት 5 ቢደርስም ሊሸጥ ይችላል። ደግሞም ሪች ግምት ነው። ሁለት ያልተገናኙ አካውንቶች ያሉት ሰው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል። እኛ ሰፈር ሁለት ፌስቡክ የሌለው ማን አለ? ስለዚህ እውነተኛው ድግግሞሽ ከሚታየው ሊበልጥ ይችላል።

5. መፍትሔ ላይ ደግሞ ወኪላችን ያደረገውን ልንገርህ። ያንኑ ሶፋ፣ ያንኑ ፎቶ፣ ጀርባውን ከነጭ ወደ ሰማያዊ ቀይሮ «አዲስ ዲዛይን» ብሎ አስከፈለን። ያውም የሚሠራውን ማስታወቂያ ከፍቶ ነው ያስተካከለው። እንዲህ ያለ ለውጥ ማስታወቂያውን ወደ መማሪያ ጊዜው፣ ማለትም ሲስተሙ ለማን እንደሚያሳይ ወደሚማርበት ጊዜ፣ ይመልሰዋል። ከዚያ ለመውጣት ደግሞ በሳምንት ወደ 50 ውጤት ይፈልጋል። ሲቲአሩ ለጥቂት ቀን እንኳ ፈቀቅ አላለም።

የሠራልን ሌላ ነው። አናጺያችን ፍሬሙን ሲገጥም በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ዋጋው ከፊት ተጽፎበት፣ እንደ አዲስ ማስታወቂያ ገባ። አሮጌውን አልነካነውም፤ አዲሱ ሲይዝ አጠፋነው። ከዚያ ለገጻችን መልእክት የጻፉትን ሰዎች ካስተም ኦዲየንስ በሚባለው ዝርዝር ሰብስበን ማስታወቂያው እንዳይደርሳቸው አስወጣናቸው። የገዛ ሰው ሶፋውን ለምን ደጋግሞ ያያል? ሲቲአሩ እዚያው ሰው ላይ ሲነሳ የሰለቸው ፎቶው እንጂ ገበያው እንዳልነበር ገባን። ባይነሳ ኖሮ ክልሉን ማስፋት ነበረብን። ቢሾፍቱንና አዳማን ለመጨመር ተዘጋጅተን ነበር። «ለአንድ ሰው በሳምንት ይህን ያህል ብቻ አሳይ» የሚል ገደብ እንድታስገባም ይነግሩህ ይሆናል። እሱ ለሪች የሚሠራ የአዋርነስ ካምፔይን ላይ ነው፤ እንዳንተ መልእክት የሚያመጣው ላይ አታገኘውም።

ይህን ሁሉ ለማየት ግን አካውንቱ ውስጥ መግባት አለብህ። እኛ ስንጠይቅ «የሌሎች ደንበኞች ማስታወቂያም እዚያው ስላለ አይሆንም» ተባልን። ብሩን የምንከፍለው እኛ፣ በር ላይ የምንቆመውም እኛ! ላንተም እንዲህ ካለህ ለካምፔይንህ ብቻ ሰኞ ሰኞ ኤክስፖርት ያድርግልህ። በካምፔይን ደረጃ፣ በሳምንት ተከፍሎ፣ ኢምፕሬሽን፣ ሪች፣ ሲፒኤም፣ ሲቲአርና የመልእክት ብዛት ያለበት። ከመነሻው እስከዚያ ሳምንት ያለውን ድምር ሪች ለብቻው ያስገባልህ፤ እሱን ከየሳምንቱ ቁጥር ልታወጣው አትችልም። ፒዲኤፍ ከላከልህ መልስለት።