አንድ መምህር፣ ሁለት ክፍል፣ 40 ደቂቃ፦ ጥያቄና መልስ

ጀማሪ መምህርት፦ ጋሼ፣ 2ኛና 3ኛ ክፍልን አንድ ላይ ነው የማስተምረው። ሒሳብ ላይ አንዱን ሳስተምር ሌላው ይንጫጫል። 40 ደቂቃውን እንዴት ላቅደው?

መላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን የሚያገናኝ ርዕስ ፈልጊ። መቀነስን እንውሰድ። ለ2ኛ ክፍል 42 − 17፣ ለ3ኛ ክፍል 342 − 167። የሚያስቸግራቸው አንድ ነገር ነው፤ መበደር። ስለዚህ የመጀመሪያውን 6 ደቂቃ ሁሉንም አብረሽ አስተምሪ። አስር አስር እየሆኑ የታሰሩ 4 የእንጨት እስሮችና 2 ነጠላ እንጨቶች ያዢ። ከ2 ላይ 7 አይነሳም። አንዱን እስር ፍቺው። 3 እስርና 12 ነጠላ ሆነ። 7 ነጠላና 1 እስር ስታነሺ 25 ይቀራል።

ቀጥሎ 14 ደቂቃ ከ2ኛ ክፍል ጋር፣ 14 ደቂቃ ከ3ኛ ጋር ሁኚ። የቀረው 6 ደቂቃ ለእርማት ነው። ብቻውን ለሚሠራው ክፍል ግን አዲስ ነገር አትስጪ፤ ጫጫታው ከዚያ ነው የሚመጣው። 3ኛ ክፍል መጀመሪያ አምና የተማረውን ባለ ሁለት አሃዝ ቅነሳ ይሥራ። 2ኛ ክፍል ደግሞ ከአንቺ ጋር የሠራውን ዓይነት በእንጨት ይቀጥል። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለሽ ጥያቄዎቹን ልጆቹ ሳይገቡ ጻፊ።

አንድ ወላጅ፦ እኛም ጋ እንዲሁ ነው፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል።

መላሽ፦ ያ ፈረቃ ነው ወንድሜ። እዚህ ሁለቱም በአንድ ሰዓት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ነባር መምህር፦ ጎበዙ ደካማውን ያስጠናው፣ አለቀ።

መላሽ፦ ይጠቅማል፣ ግን አያልቅም። ልጅ መልሱን ነግሮ ነው የሚሄደው። ረዳቱ «በእንጨት አሳየኝ» ብሎ እንዲጠይቅ አስለምዱት። ደግሞ የራሱን ሥራ ሳይጨርስ አይላክ፤ አለዚያ የእሱ ትምህርት ይቀራል።

ጀማሪ መምህርት፦ በ6 ደቂቃ የሁሉን ደብተር እንዴት አርማለሁ?

መላሽ፦ ሁሉን አትረሚ። ለ2ኛ ክፍል አንድ ጥያቄ ብቻ ስጪ፣ 61 − 24። 37 ከጻፈ ገብቶታል። 43 የጻፈው ከ4 ላይ 1 ቀንሷል፤ መበደር ገና አልገባውም፣ ወደ እንጨቱ ይመለስ። 47 የጻፈው ተበድሯል፣ ግን ከ6ቱ እስር አንዱ መፈታቱን ረስቷል። ለእሱ አንድ ቃል ይበቃዋል። ለ3ኛ ክፍልም በባለ ሦስት አሃዝ እንዲሁ አድርጊ። የነገው ዕቅድሽ ከእነዚህ መልሶች ይወጣል።

ከገጠር ጣቢያ፦ የእኔ 1ኛና 4ኛ ክፍል ናቸው። ይሠራል?

መላሽ፦ ይከብዳል። 1ኛ ክፍል ገና ስለማያነብ ሰሌዳ ላይ ጽፈህለት መሄድ አትችልም። በሒሳብ ጠጠር ማስቆጠርና መደርደር ያግዛል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ግን የሚያረካ መላ እስካሁን አላገኘሁም። የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልን።