ክንፉ ግማሽ ከተከፈተ ዓይኑን ለካ

«ጋሼ፣ መስከረም ላይ አዘዞ አካባቢ ካለ ኩሬ ዳር፣ ቄጠማ ላይ ያረፈ በራሪ ነፍሳት አራት ፎቶ አነሣሁ። ለተማሪዎቼ ድራጎንፍላይ ነው ብዬ ላሳይ ስል ጓደኛዬ ዳምሰልፍላይ ነው አለኝ። ዳምሰልፍላይ ግን ክንፉን ገጥሞ ነው የሚያርፈው ሲባል ነው የማውቀው፤ የኔው ክንፉን ግማሽ ከፍቷል፣ ዓይኖቹም የተገናኙ ይመስላሉ። በምን ልለየው?»

ጓደኛህ ልክ ነው፤ ዳምሰልፍላይ ነው። አራቱንም ፎቶዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ ውሳኔውን የሰጠኝም ሦስተኛው ፎቶ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

የክንፉን ነገር ያልከው እውነት ነው። ድራጎንፍላይ ሲያርፍ አራቱንም ክንፎቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ነው። አብዛኛው ዳምሰልፍላይ ደግሞ ከጀርባው በላይ ገጥሞ፣ በጅራቱ ርዝመት ወደ ኋላ ያስተኛቸዋል። ከዳምሰልፍላይ ወገን ግን ሌስቲዴ የሚባል ቤተሰብ አለ፤ እኛም አገር ይገኛል። የዚህ ቤተሰብ አባላት ሲያርፉ ክንፋቸውን አይገጥሙም፣ ሙሉ በሙሉም አይዘረጉም፤ ወደ ኋላ አዘንብለው እንደ ግማሽ የተከፈተ መቀስ ይይዙታል። ያንተ ሁለተኛ ፎቶ ላይ ያለው አቋም ይኸው ነው። ስለዚህ የተገጠመ ወይም የተዘረጋ ክንፍ ስታይ ጥሩ ፍንጭ አግኝተሃል፤ ግማሽ የተከፈተ ስታይ ግን በክንፉ አትፍረድ፣ ወደ ራሱ ሂድ።

ወደ ራሱ ከመሄዳችን በፊት ግን የመጀመሪያው ፎቶህ ሌላ ነገር ያስተምራል። ያንን ያነሣኸው ከጎን ነው። ከጎን ሲታይ የተዘረጋ ክንፍም፣ የተገጠመ ክንፍም እንደ አንድ ቀጭን መስመር ሊታይ ይችላል። ብዙ ድራጎንፍላይ ደግሞ ካረፈ በኋላ ክንፉን ወደ ፊትና ወደ ታች ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ ከጎን ያየው ሰው ተገጥሟል ብሎ ይሳሳታል። እኔ በፎከሱ ነው የምለየው። ክንፉ ተገጥሞ ከሆነ ከጅራቱ ጋር በአንድ ርቀት ላይ ስለሆነ ጅራቱ ጥርት ሲል ክንፉም እስከ ጫፉ ጥርት ይላል። ተዘርግቶ ከሆነ ግን አንዱ ክንፍ ወደ ሌንሱ ይመጣል፤ ሥሩ ጥርት ብሎ ጫፉ ይደበዝዛል። በመጀመሪያው ፎቶህ ላይ የቅርቡ ክንፍ ጫፍ ትንሽ ደብዝዟል፤ ክንፉ እንዳልተገጠመ ያወቅሁት ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ዓይኑ። የድራጎንፍላይ ዓይኖች ትልልቅ ናቸው፤ በአብዛኛው አናቱ ላይ ይገናኛሉ፣ ራሱን እንደ ቆብ ይሸፍኑታል። የዳምሰልፍላይ ራስ ግን ወደ ጎን የተለጠጠ ነው። ዱላ በትከሻው አጋድሞ በሁለቱ ጫፎች ጀሪካን ያንጠለጠለ ሰው አስብ፤ ዓይኖቹ እንደ ጀሪካኖቹ በየጫፉ ናቸው፣ መሐሉ ሰፊ ክፍት ነው። ችግሩ ይህ ክፍት ቦታ የሚታየው ከላይ ወይም ፊት ለፊት ሲነሣ ብቻ መሆኑ ነው። ከጎን ሲነሣ የወዲህኛው ዓይን የወዲያኛውን ይጋርደዋል፤ ራሱን ትንሽ ዘወር ካደረገም ክፍተቱ ይጠብባል። አንተ «የተገናኙ ይመስላሉ» ያልከው የመጀመሪያውንና አራተኛውን ፎቶ አይተህ ነው፤ ሁለቱም ከጎን ናቸው።

ሦስተኛው ከላይ የተነሣ ነው። ራሱን ብቻ ክሮፕ አድርጌ እስክሪኑን እስኪሞላ አሰፋሁት። ከዚያ የወረቀት ጠርዝ አስጠግቼ የአንዱን ዓይን ስፋት በእርሳስ ምልክት አደረግሁና ወረቀቱን ወደ መሐል አንሸራተትኩት። በእኔ እስክሪን ላይ ዓይኑ 6 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ 9 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን ተኩል ይገባል ማለት ነው። ያንተ እስክሪን ሌላ ቁጥር ይሰጥሃል፤ የሚፈለገው ግን ንጽጽሩ ስለሆነ ለውጥ የለውም። ክፍተቱ ከአንድ ዓይን ስፋት ከበለጠ ዳምሰልፍላይ ነው።

መለካት የሚያስፈልገው ለምን መሰለህ? ዓይኖቻቸው የማይገናኙ ድራጎንፍላዮችም ስላሉ ነው። ጎምፊዴ የሚባለው ቤተሰብ እንደዚህ ነው፤ በተለይ ወራጅ ውሃ ዳር፣ ድንጋይና አሸዋ ላይ ሲያርፍ ታገኘዋለህ። «ዓይኑ ካልተገናኘ ዳምሰልፍላይ ነው» ብለህ ከያዝክ እሱ ላይ ትወድቃለህ። የጎምፊዴ ክፍተት ግን ከአንድ ዓይን ስፋት ያነሰ ነው፤ ወረቀቱ ወዲያው ይነግርሃል።

በተቃራኒው ክንፉ ያታለለኝ ጊዜም አለ። አንድ ማለዳ እንግዳ ይዤ ውሃ ዳር ወርጄ፣ ሣር ላይ ክንፉን ከጀርባው በላይ ገጥሞ የተንጠለጠለ አየሁና ዳምሰልፍላይ ነው ብዬ ነገርኩት። ማታ ፎቶውን ሳሰፋ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ተገናኝተዋል፤ ከሥሩም እዚያው ሣር ላይ የእጭ ባዶ ቆዳ አለ። ገና ከውሃ ወጥቶ ቆዳውን የጣለ ድራጎንፍላይ ኖሯል። አዲስ የወጣ ድራጎንፍላይ ክንፉ እስኪጠነክር ድረስ እንደ ዳምሰልፍላይ ገጥሞ ይይዘዋል፤ ዘርግቶ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ምልክቱ የክንፉ አንጸባራቂነት ነው፤ አዲስ የከረሜላ መጠቅለያ ይመስላል፣ የሰውነቱም ቀለም ገና የፈዘዘ ነው። ለእንግዳው በማግስቱ ደውዬ አረምኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ሳላይ ስም አልሰጥም።

ራሱ በአንዱም ፎቶ ላይ በደንብ ካልታየ የክንፉን ሥር ተመልከት። የዳምሰልፍላይ የፊትና የኋላ ክንፎች ተመሳሳይ ናቸው፤ ወደ ሰውነቱ ሲጠጉ እንደ ማንኪያ እጀታ ይቀጥናሉ። የድራጎንፍላይ የኋላ ክንፍ ግን ሥሩ ላይ ከፊተኛው በግልጽ ይሰፋል። ያንተ ሁለተኛ ፎቶ ላይ አራቱም ሥራቸው ቀጭን ነው፤ ከዓይኑ ልኬት ጋር ይስማማል።

በሚቀጥለው ስትሄድ ፀሐይ ሳትጠነክር እዚያ ተገኝ። የጎንደር ማለዳ ብርድ ስለሆነ ሰውነታቸው ሳይሞቅ ለመብረር ይከብዳቸዋል፤ ቀርበህ ለማንሣት ጊዜ ይሰጡሃል። ጥላህ እንዳያርፍባቸው ግን ፀሐይዋን ከኋላህ አታድርጋት፣ ከጎንህ ትሁን። ከአንድ ነፍሳት ሦስት ፎቶ ይበቃሃል፦ አንድ ከጎን፣ አንድ ከላይ ክንፎቹ በሙሉ እንዲታዩ፣ አንድ ፊት ለፊት ፎከሱን ዓይኑ ላይ አድርገህ። ቢበርብህ አትከተለው፤ ብዙ ድራጎንፍላይ ወደ ተነሣበት እንጨት ይመለሳል፣ ዳምሰልፍላይም ብዙ ጊዜ ርቆ አይሄድም።

ለተማሪዎችህ ሦስተኛውን ፎቶ አሳያቸው፤ ከሥሩም «ዳምሰልፍላይ፣ የሌስቲዴ ቤተሰብ» ብለህ ጻፍ። ዝርያውን አትጨምር። ለዚያ የጅራቱ ጫፍ ላይ ያሉት መያዣዎችና የደረቱ ጎን ቀለም በቅርብ መታየት አለባቸው፤ በአራቱም ፎቶዎችህ ላይ የጅራቱን ጫፍ ቄጠማው ጋርዶታል።