ስንት አክሲዮን ልግዛ?

ልጆቼ፣ ስታገኙኝ ሁልጊዜ «የትኛውን አክሲዮን ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። «ስንት ልግዛ?» ያለኝ ግን እስካሁን አንድም የለም። እዚህ አሜሪካ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ገንዘብ ያሳጣኝ ይኼው ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

ያኔ ሁሉንም መቶ መቶ ነበር የምገዛው። ቁጥሩ ለሒሳብ ይቀላል፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አምስት ረጋ ያሉ አክሲዮኖች ትንሽ ትንሽ አተረፉልኝ። ስድስተኛው በቀን ሦስትና አራት ዶላር የሚዘል ነበር። የአምስቱን ትርፍ በሁለት ቀን ጠራርጎ ወሰደው። አክሲዮኑ ላይ ተናደድኩ። ጥፋቱ ግን የመቶው ነበር።

አሁን የምሠራበትን ቅደም ተከተል ላሳያችሁ። አካውንታችሁ ላይ 8,000 ዶላር አለ እንበል። በአንድ ትሬድ ቢበዛ 1 በመቶ ለማጣት ወስናችኋል፤ ይህ 80 ዶላር ነው። ልትገዙት ያሰባችሁት አክሲዮን ዋጋው 42 ዶላር ነው። ቻርቱን ስታዩ ባለፉት ሳምንታት በወረደ ቁጥር 40.10 አካባቢ ሲደርስ ገዢ እያገኘ ይመለሳል። እንግዲያው ከዚያ በታች ከወረደ ሐሳባችሁ ተሳስቷል ማለት ነው። ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ዋጋው እዚያ ከወረደ ሽጥልኝ የሚለውን ትዕዛዝ፣ 39.90 ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከመግቢያው እስከ ስቶፑ ያለው ርቀት 2.10 ዶላር ሆነ።

አሁን 80ን ለ2.10 አካፍሉ። 38.09 ይመጣል። ሁልጊዜ ወደ ታች አድርጉት፤ 38 አክሲዮን ትገዛላችሁ። የምትከፍሉት 1,596 ዶላር ነው። ስቶፑ ቢመታ የምታጡት 79.80 ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያምታታል። የገባው ገንዘብ የአካውንቱ አንድ አምስተኛ ሲሆን፣ አደጋ ላይ ያለው 1 በመቶ ብቻ ነው።

ዋጋው እንደዚሁ 42 ዶላር የሆነ ሌላ አክሲዮን ውሰዱ። ይሄኛው ግን ይዘላል፤ ትርጉም ያለው ስቶፕ የሚገኘው 5.25 ዶላር ወረድ ብሎ ነው። 80ን ለ5.25 ስታካፍሉ 15 አክሲዮን ይደርሳችኋል። እዚህ ላይ ነው ወጣት የሚፈተነው። «15 ብቻ?» ይላል። ከዚያ ስቶፑን ከመግቢያው 1 ዶላር ብቻ ዝቅ አድርጎ ያስጠጋዋል፤ ሒሳቡም 80 አክሲዮን ግዛ ይለዋል። ወረቀቱ ላይ አሁንም 80 ዶላር ነው የሚያጣው። ግን ይህ አክሲዮን በተራ ቀን እንኳ 1 ዶላር ወጣ ገባ ይላል። ስቶፑ ከሰዓት በፊት ይመታል፤ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ተመልሶ ይወጣል። ሰውዬው «ገበያው እኔን አድፍጦ ይጠብቃል» ይላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መጀመሪያ ስቶፑን ከቻርቱ ላይ አግኙት፣ ቁጥሩ እሱን ተከትሎ ይምጣ። ቁጥሩ ካነሰባችሁ ያንን ትሬድ ተዉት።

1 በመቶ ለምን? አሥር ጊዜ ተከታትላችሁ ብትሸነፉ (ይህ በእኔም ደርሷል)፣ በየጊዜው ከቀረው ገንዘብ ላይ 1 በመቶ እያሰላችሁ ከሆነ 7,235 ዶላር ገደማ ይተርፋችኋል። በየጊዜው 10 በመቶ ከሆነ ግን የሚቀራችሁ 2,790 ገደማ ነው። ወደ 8,000 ለመመለስ የቀረውን ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ማሳደግ ይኖርባችኋል።

ሒሳቡ የማያየው ነገርም አለ። ስቶፕ ዋስትና አይደለም። ዋጋው ስቶፑን ሲነካ ትዕዛዙ በገበያ ዋጋ ሽጥ ወደሚል ይለወጣል፣ የሚሸጠውም በተገኘው ዋጋ ነው። ያ ባለ 38 አክሲዮናችሁ ማታ 40.50 ላይ ተዘጋ እንበል። ኩባንያው ገበያው ከተዘጋ በኋላ መጥፎ የሩብ ዓመት ውጤት አወጣ። ጠዋት 36 ዶላር ላይ ተከፈተ። 39.90 የሚባል ዋጋ መሐል ላይ የለም። በ36 ተሸጠ፤ ያጣችሁት 228 ዶላር ሆነ፣ ያሰባችሁት ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው። ያማል፣ ግን አካውንቱ ቆሞ ይሄዳል።

በጣም የተጠጋ ስቶፕ እዚህም ላይ ነው ጉድ የሚያደርገው። ርቀቱ 20 ሳንቲም ቢሆን ቀመሩ 400 አክሲዮን ግዛ ይላችኋል። ይህ 16,800 ዶላር ነው፤ አካውንታችሁ ላይ ካለው ከእጥፍ በላይ። አክሲዮኑ ማታ 42 ላይ ተዘግቶ ጠዋት 36 ላይ ቢከፈትና 400 አክሲዮን ይዛችሁ ቢሆን 2,400 ዶላር ይሄድ ነበር። ስለዚህ ቀመሩ ምንም ይበል፣ በአንድ አክሲዮን ላይ ከአካውንቴ ሩብ በላይ አላስገባም። ከመግዛቴ በፊትም ኩባንያው ውጤቱን የሚያወጣበትን ቀን አያለሁ። በዚያ ሳምንት ከሆነ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ የግድ ከፈለግኩት ደግሞ ከ38ቱ 19 ብቻ እገዛለሁ።