ጣሪያው ይጠገን ተባለ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ሻይ ልጠጣ በገባሁበት ቤት የአንድ የድሮ ባልደረባዬን ልጅ አገኘኋት። ሥራ ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ የስምንት ገጽ ቃለ ጉባኤ ወደ ግማሽ ገጽ አሳጥሪው ተባልኩ። ምኑን ልተወው?» አለችኝ። ልመልስላት ስል የአንድ ንብረት ጠባቂ ፊት ድቅን አለብኝ።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። በእጅ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ታይፕ ይደረጋል፣ ካርቦን ወረቀቱ ጣቴን ያጠቁረዋል። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ አመሸ፣ ሰባት ገጽ ወጣው።

ገጽ 2 ላይ «የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል፣ ከክረምት በፊት ይጠገን ተባለ» ብዬ ጽፌያለሁ። ገጽ 5 ላይ የፋይናንስ ኃላፊው ዋጋው ሳይታወቅ ገንዘብ አላወጣም አሉ። ቤቱም መጀመሪያ ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ግንቦት 10 ይሰብሰብ ብሎ ተስማማ። ገጽ 7 ላይ አንድ ሰው «የሚመለከተው ክፍል ይከታተለው» አለ። ሁሉም ቦርሳውን እያነሳ ነበርና ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ የውሳኔዎቹን አጭር ዝርዝር ጠየቁኝ። «የመጋዘኑ ጣሪያ እንዲጠገን ተወስኗል» ብዬ በአንድ መስመር ጨረስኩት። ንጹሕ ዝርዝር ነበር፤ ተመሰገንኩበት።

ጠቅላላ አገልግሎት የንብረት ክፍል ሥራ መሰለው። ንብረት ክፍል ደግሞ የጠቅላላ አገልግሎት። ፕሮፎርማ የሰበሰበ አልነበረም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ ሲያድር መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት የደረሰኝ ጥራዞች ከነካርቶናቸው በሰበሱ። ከላይ ያሉትን ሲያነሷቸው ወረቀቱ እንደ እንጀራ ሊጥ በእጅ ላይ ይቀር ነበር። ማስጠንቀቂያ የደረሰው፣ ደመወዙም የተቆረጠው ንብረት ጠባቂው ነው። ስብሰባው ላይ እንኳን አልነበረም። «ተወስኖ ሳለ ለምን ዝም አልክ?» ሲሉት የእኔን ዝርዝር ነው ያሳዩት። ገጽ 5ን አውጥቼ «ይሄ ነው ውሳኔው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህንን ነው። አማርኛችን «ይጠገን»፣ «ይደረግ»፣ «ይታይ» ሲል አድራጊው ይጠፋል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን እርሳስ ይዘሽ አንብቢ፣ እንዲህ ያለ ግሥ ባገኘሽ ቁጥር አስምሪና «ማን?» ብለሽ ጠይቂ። «ቢሆን ጥሩ ነው» እና «ይታሰብበት» ሐሳብ ናቸው፣ ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳታነቢ አንድም ውሳኔ አትጻፊ። ገጽ 2 ላይ የተባለው ገጽ 5 ላይ ይለወጣል። ያንን መስመር ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ለመጋዘን ጣሪያ ጥገና ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ። ኃላፊ፦ አልተሰየመም። እስከ ግንቦት 10። (ገጽ 5)
ጥገናው ራሱ፦ ገና አልተወሰነም፣ ዋጋው ሲታወቅ ይታያል።»

«አልተሰየመም» የሚለውን መጻፍ ያስፈራል፤ ሥራ ያልጨረሱ ያስመስላል። ግን የሚመስልሽን ስም ከራስሽ አታስገቢ። ወረቀቱን ይዘሽ ሰብሳቢው ዘንድ ሂጂ፣ እሳቸው አንድ ሰው ይሰይሙ። ክፍል ወይም ኮሚቴ ካሉሽ ከውስጡ የአንድ ሰው ስም ጠይቂ። ስሙ የገባው ሰው ደግሞ ዝርዝሩ ከመበተኑ በፊት ከአንቺ ይስማ፤ የእኔ ንብረት ጠባቂ ያላገኘው ይህንን ነው።

የዛሬ ልጆች ስብሰባውን በስልክ ቀድተው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቁታል። አውራ ጣት የተደረገበት ሁሉ ስምምነት የተደረሰበት ይመስላቸዋል። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። የሁለት ሰዓት ድምፅ ማን ይሰማል? ቢሆንም ያኔ ቅጂ ቢኖረኝ ገጽ 7 ላይ የተናገረውን ሰው አገኘው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ግማሽ ገጽ ይበቃል አልኳት። ገንዘብ የሚወጣበት ውሳኔ ግን ግማሽ ገጹን ቢያስረዝመውም ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጪው አልኩ። የተፈረመበት ቃለ ጉባኤም ከዝርዝሩ ጋር ይያያዝ፤ ሰዎች ሲከራከሩ የሚታየው እሱ ነው።

ወረቀቷን አወጣችና አብረን አየነው። ገጽ 3 ላይ «የጄኔሬተሩ ጉዳይ በሚመለከተው ክፍል ክትትል ይደረግበት» ይላል። «ማን ነው እሱ?» አልኳት። አታውቅም። በእርሳስ አሰመረችበት። ሰብሳቢው ከሰዓት ቢሮ ይገባሉ ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።